ይለመዳል ያልኩት መነጽር

ወንድሜ ከማረፋቸው በፊት የነበረው ቀን ሐሙስ ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ረፋዱ ላይ አባርቷል። መቱ ላይ ዝናብ ሲያባራ ሁሉም ሰው አንድ ላይ ከቤት ስለሚወጣ መንገዱ በጭቃና በባጃጅ ይሞላል። እኔ ለምሳ ወደ ቤት ስሄድ እንደ ልማዴ በወንድሜ ሱቅ በኩል አለፍኩ።

ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በሃያ ሁለት ዓመት ይበልጡኛል። አባታችን ሲሞት እኔ ገና አራት ዓመቴ ነበር፤ ያሳደጉኝም፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያደረሱኝም እሳቸው ናቸው። ጋሼ እያልኩ፣ አንቱ እያልኩ ነው ያደግሁት።

በረንዳው ላይ ከዳሪሙ የመጡ አንድ ሽማግሌ አዲስ ኮት ለብሰው ቆመዋል። ጋሼ ልብስ ሰፍተው ሲያስረክቡ አንድ ደንብ ነበራቸው። ባለቤቱ ለብሶት መንገዱ ዳር እስካለው የውኃ ቧንቧ ድረስ ሄዶ ካልተመለሰ፣ ተመልሶም አግዳሚው ላይ ካልተቀመጠ፣ አይሰጡም። ቆሞ ልክ የሆነ ልብስ ሲራመዱ ይይዛል፣ ሲቀመጡ ይተረተራል ይሉ ነበር።

«በሉ እስከ ቧንቧው» አሏቸው።

«ልትድረኝ ነው እንዴ እንዲህ የምታንጎራድደኝ?» አሉ ሽማግሌው፤ ግን ሄዱ።

ጎን ለጎን የስፌት መኪና ዘርግተው የሚሰፉት ጎረቤታቸው ወደ ጋሼ ዞረው ሳቁ። «ኮቱን ማን ያይልሃል? አንተ ራስህ ውኃ እንደጠጣች ዶሮ ቀና ቀና ስትል አይደል የምትውለው። ያ ኦቦሌሳ፣ ያንን መነጽር ወደዚያ ብትወረውረው ይሻልህ ነበር።»

ያ ኦቦሌሳ አንተ ወንድሜ እንደማለት ነው፤ ሁለቱ ሲቀላለዱ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ይመላለሱ ነበር። ጋሼ ለቀልዱ መልስ አላጡም። «ወንድሜ የሠራልኝ ነው። ያንተ ወንድም ምን ሠርቶልህ ያውቃል?» አሉ።

ከዚያ እኔን ወደ ውስጥ ጠሩኝና ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ።

«አንተ የዓይን ሐኪም፣ ይሄ ራስ ምታት ዛሬም አለ።»

«ግንባርዎ ላይ?»

«አይ፣ የመጀመሪያው እሱ ነበር። አሁን ወደ ኋላ ሄዷል። ማጅራቴ ላይ ነው። ጠዋት ስነሳ አብሮኝ ይነሳል።»

«መነጽሩን ሳያደርጉ?»

«ሳላደርግ። ገና ከአልጋ ሳልወርድ።»

የምጽፈው ስለዚህች ቅጽበት ነው። ያሉኝን ሰምቻለሁ። ትርጉሙም ገብቶኛል፤ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ገብቶኛል። ያልተደረገ መነጽር ራስ አያሳምምም። ሆኖም ወለሉ ላይ የወደቀውን ቁርጥራጭ ጨርቅ እያየሁ «የትናንቱ ድካም ነው የሚያድርብዎት። ይለመዳል» አልኩ።

«እሺ» አሉ። «አንተ ካልክ።»

ይህን ያልኩት መነጽሩን ባደረጉ በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ነው። ቀኑን እቆጥር ነበር። ለምን እቆጥር እንደነበር ለመናገር ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

የምሠራው መነጽር ቤት ነው። አለቃዬ ሙያውን ኮሌጅ ገብታ የተማረች ናት። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም ስለማይርቅ አንቺ በለኝ ብላኛለች። ዓይን የምትመረምረው እሷ ናት። እኔ ፍሬም አሳያለሁ፣ ሌንስ እሞርዳለሁ፣ ሁለት ዓመት ካስተማረችኝ በኋላ ደግሞ የፊት ልኬት መውሰድ ጀምሬያለሁ።

ጋሼ ሁለት መነጽር ነበራቸው። አንዱ ለሩቅ ነው። ሌላው ለቅርብ፣ በክር አንገታቸው ላይ የሚንጠለጠለው። መርፌ ሲያስገቡ አንዱን አውልቀው ሌላውን ያደርጋሉ፤ ደንበኛ ሲጠራቸው እንደገና ይለውጣሉ። አንድ ቀን የመነጽሩ ክር ከሚሰፉት ጨርቅ ጋር አብሮ መኪናው መርፌ ስር ገባ። ሁለቱንም በአንድ የሚተካ ፕሮግሬሲቭ የሚባል ሌንስ አለ ብዬ ያግባባኋቸው ያን ጊዜ ነው። ሌንሱ ከአዲስ አበባ ታዝዞ ይመጣል። ለእኔ ደግሞ፣ አሁን ስናገረው ያሳፍረኛል፣ ላሳደጉኝ ሰው በገዛ ሙያዬ አንድ ነገር የምሠራበት የመጀመሪያው ዕድል ነበር።

አለቃዬ ይህን ሌንስ ለሰው የምታስረዳው በእግር መንገድ ነው። «በረግረግ መሃል የምታልፍ ቀጭን መንገድ አስብ» ትላለች። ከላይኛው ክፍል ሩቁ ይታያል፣ ከታችኛው ቅርቡ፤ በመካከል የክንድ ርቀት ያለው። አቅሙ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ይጨምራል፤ የሚታይ መስመር የለውም። ጥርት ያለው ግን ያች ቀጭን መንገድ ብቻ ናት። ግራና ቀኟ ረግረግ ነው፤ ነገር ይጣመማል፣ ይዋኛል። አዲስ ያደረገ ሰው እንደ ድሮው ዓይኑን ብቻ ወደ ጎን ሲወረውር በረግረጉ በኩል ስለሚያይ ግድግዳው የሚወዛወዝ ይመስለዋል። ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን ስሜት አልተንቀሳቀስክም ይላል፤ ዓይን ደግሞ ዓለም ተንቀሳቅሳለች ይላል። አንጎል ሁለቱን እስኪያስታርቅ ያዞራል፣ አንዳንዱን ያቅለሸልሸዋል። ራስ ምታቱም ከዚያ ነው፤ ዓይን ትክክለኛውን ቦታ ሲፈልግ ይደክማል፣ አንገትም ቀና ደፋ ሲል ይጨናነቃል። ደረጃ ሲወርዱ ደግሞ በታችኛው፣ ለንባብ በሆነው በኩል ስለሚያዩ መርገጫው ይደበዝዛል።

መድኃኒቱ ማድረግ ነው። ጠዋት አድርጎ ቀኑን ሙሉ አለማውለቅ፣ ከአሮጌው ጋር አለመቀያየር፣ ወደ ጎን ለማየት ዓይንን ሳይሆን አፍንጫን ማዞር፣ ደረጃ ላይ አገጭን ዝቅ ማድረግ። አብዛኛው ሰው በጥቂት ቀን፣ ቢዘገይ በሁለት ሳምንት ይለምደዋል። አንዳንዱ እስከ ወር ይሄዳል።

ከዚህ በኋላ የምትለውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ከሁለት ሳምንት በኋላ ካልተሻለው ሰውየውን አትውቀስ። መነጽሩን አምጣልኝ። ልኬቱን አየዋለሁ፣ ቁጥሩን አየዋለሁ። ሁሉም ልክ ሆኖ ሰውየው ካመመው ደግሞ ጉዳዩ የእኛ አይደለም፤ ቶሎ ሐኪም ቤት ይሂድ።»

ይህን የማያውቅ ሰው ቢሆን ይቅር ይባላል። እኔ አውቅ ነበር።

የፕሮግሬሲቭ ልኬት የሚወሰደው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ዓይን ለዓይን፣ በእኩል ከፍታ ነው። ሰውየው ዓይኔን ያያል፤ እኔ ፍሬሙ ላይ ባለው የማሳያ ፕላስቲክ ላይ የዓይኑ ብሌን ያለበትን በቀጭን እስክሪብቶ ነጥብ አደርጋለሁ። በጥቂት ሚሊሜትር ከተሳሳትኩ ያች ቀጭን መንገድ ከዓይኑ ፊት ሸሽታ ትቀመጣለች፤ እንዲህ ያለ መነጽር በወርም አይለመድም። ስለዚህ ነጥቡ ከተደረገ በኋላ ሰውየው ይነሳል፣ ትንሽ ይራመዳል፣ እንደገና ተቀምጦ ይታያል።

ጋሼን ግን ዓይን ለዓይን አይቻቸው አላውቅም ነበር። በእኛ ቤት ታላቅ ሲናገር የሚታየው መሬት ነው። ሲቆጡኝም፣ ሲመርቁኝም፣ የፈተና ውጤቴን ሲጠይቁኝም የማየው ጫማቸውን ነበር። የዓይናቸውን ቀለም ብትጠይቁኝ እስከዚያ ቀን በእርግጠኝነት አልናገርም ነበር።

ተቀመጡልኝ። ጉልበታችን ሊነካካ ደረሰ።

«ዓይኔን ይዩ» አልኩ፣ የእኔ ግን ሸሸ።

«ቀና በላ! እኔ ነኝ የምለካህ ወይስ አንተ ነህ የምትለካኝ?» ብለው ሳቁ።

አንድ ጊዜ ቀና አልኩና በቀኝ፣ በግራ ነጥብ አድርጌ ወዲያው ወደ ወረቀቱ ዞርኩ። አላስነሳኋቸውም። አላራመድኳቸውም። እሳቸው አንድ ኮት ለማስረከብ ሰውን እስከ ቧንቧ የሚያስኬዱ ነበሩ።

ሌንሱ ሲደርስ አለቃዬ ለለቅሶ ጎሬ ሄዳ ነበር። አዲስ ፕሮግሬሲቭ ሌንስ ላይ ቢጫ የቀለም ምልክት አለ። ከመሃሉ ያለችው ትንሽ መስቀል ብሌኑ ላይ ማረፍ አለባት። ይህ የሚታየው ቀለሙ ከመጠረጉ በፊት ነው። መነጽሩን አደረግሁላቸው። መስታወት አዩና «በሁለት ዓይኔም ተባረክሁ!» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁና በስልኬ ፎቶ አነሳኋቸው። ከዚያ አውልቄ ቀለሙን በአልኮል ጠረግሁት። መስቀሏን ከብሌናቸው ጋር አላስተያየሁም። ለማስተያየት እንደገና ዓይናቸውን ማየት ነበረብኝ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከበዷቸው። የሱቃቸውን ደረጃ ሲወርዱ ምሰሶውን ይዘው ነበር። ገበያ መሃል ሲያልፉ ሰው ሁሉ እንደ ሰከረ ሆኖ ታየኝ አሉ። ግንባራቸውን ያዛቸው። እኔም አለቃዬ ያስተማረችኝን ነገርኳቸው፤ አፍንጫዎን ያዙሩ፣ አያውልቁ፣ ሁለት ሳምንት ይስጡት። ሰጡት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አካባቢ «ግድግዳው ቆመልኝ» አሉ። ግንባራቸውም ተዋቸው። አገጫቸውን ቀና ማድረግ ብቻ ቀረ፤ እሱም መርፌ ሲያስገቡ የታችኛውን ክፍል ለመፈለግ ነው። ያን ጊዜ የተሰማኝን እፎይታ አልረሳውም።

ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ራስ ምታቱ ተመለሰ። የእኔ ስህተት መጣ ብዬ ደነገጥኩ። እስከ ሠላሳኛው ቀን ለራሴ አንዳንዱ እስከ ወር ይሄዳል እያልኩ ቆጠርኩ። ከሠላሳኛው ቀን በኋላ ለራሴ የምለው አጣሁ፤ ለእሳቸው ግን ይለመዳል ማለቴን አላቆምኩም።

አለቃዬ ትጠይቀኝ ነበር። «ጋሼ እንዴት ሆኑ? ለመዱት?»

«ለምደውታል» እል ነበር።

መነጽሩን ብሰጣት አሥር ደቂቃ አይፈጅባትም ነበር። ቀለሙ ቢጠረግም ሌንሱ ላይ ወደ ብርሃን ካልያዙት የማይታይ ስስ ቅርጽ አለ፤ በእሱ ተመርቶ መስቀሏን መልሶ መሳል ይቻላል። ግን ልኬቱ ስህተት ሆኖ ቢገኝ አንድ ጊዜ ብቻ እንዳየሁ፣ ሳላስተያይ እንደጠረግሁ ታውቃለች። አፈርኩ። የማፍርበት ይጋለጣል ብዬ፣ የወንድሜን ራስ ምታት ሸፈንኩት።

ጋሼም ወደ እሷ አልሄዱም። ለምን እንዳልሄዱ በኋላ ነው የሰማሁት።

ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊ እየሮጡ መጡ። የልብስ መለኪያ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ ነበር። «ና፣ ወንድምህ» ብቻ አሉኝ። ስደርስ ጋሼን ባጃጅ ላይ እያወጧቸው ነው። ግማሽ ፊታቸው ወርዷል። መነጽሩን አንድ ሰው እጄ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ሆስፒታል ውስጥ አንድ ወጣት ሐኪም ክንዳቸው ላይ መለኪያውን አሰረና ቁጥሩን አየ፤ ፈትቶ በሌላው ክንድ እንደገና ለካ። ደግሞ መለካቱን ልብ አልኩ።

«የደም ግፊት እንዳለባቸው ያውቃሉ?» ብሎ ተከትላን የመጣችውን የወንድሜን ሚስት ጠየቃት።

«ተለክተው አያውቁም።»

«ራስ ምታትስ? ሰሞኑን ራሴን ይሉ ነበር?»

እትዬ፣ የወንድሜን ሚስት የምጠራት እንዲህ ነው፣ ወደ እኔ ዞረች። ልትወቅሰኝ አልነበረም፤ ለሐኪሙ በሙያው እንዳስረዳላት ነው። እኔ ወለሉን ሳይ ራሷ መለሰች። «ይሉ ነበር። ግን የመነጽር ነው ተብሎ ነው። አዲስ መነጽር አድርገው ነበር። ይለመዳል ተብሎ...»

ሐኪሙ ጻፈ። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ሰማሁት። በኋላ ላይ ራስ ውስጥ ደም እንደፈሰሰ፣ ግፊቱ ቀደም ብሎ ቢታወቅ በመድኃኒት ሊያዝ ይችል እንደነበር ነገረን። ይችል ነበር አለ፤ ይድኑ ነበር አላለም። እኔ ግን በዚያ ልዩነት ውስጥ መደበቅ አልቻልኩም። ከቀኑ አሥር ሰዓት በፊት ጋሼ አረፉ።

ማምሻውን ድንኳን ተተከለ። የዕድሩ ሰዎች ወንበር ደረደሩ። የጋሼ ጎረቤት ልብስ ሰፊው አጠገቤ ተቀምጠው ያለቅሱ ነበር። መካከል ላይ እንዲህ አሉ፤ «ወደ መነጽር ቤቱ ሄደህ ለአለቃው ለልጅቷ ንገራት ብዬው ነበር። ‹ተው፣ እሱን ትቆጣብኛለች። ገና ሥራ መልመዱ ነው› አለኝ።» ከዚያ ሌላ ሰው ድንኳኑ ውስጥ «ያ መነጽር ነው አሉ የገደላቸው» ሲል ሰማሁ። ማንም እኔን አላየም። መነጽሩ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ቀብሩ ለስምንት ሰዓት ነበር፣ ወደ ጓሮ ወጥቼ ስልኬን ከፈትኩ። ፎቶዋን ፈለግሁ። ጋሼ በቢጫ ምልክት ተሸፍነው የሚስቁባት። ስቀው ዓይናቸውን አልጨፈኑም፤ ቀጥ ብለው ስልኩን ያያሉ። በሁለት ጣቴ አስፍቼ ቀኙን አየሁ። መስቀሏ ብሌኑ መሃል ናት። ግራውን አየሁ። መሃል ናት። መነጽሩን ከኪሴ አወጣሁና ወደ ብርሃን ይዤ ስሱን ቅርጽ ፈለግሁ፤ እሱም የታዘዘው ሌንስ ነው። ምንም ስህተት አልነበረበትም።

መጀመሪያ የተሰማኝን ልናገር። እፎይታ ነው። ለአንድ ትንፋሽ ያህል እኔ አይደለሁም፣ መነጽሩም አይደለም አልኩ። ወዲያው ደግሞ ገባኝ። ይህች ፎቶ እስከ ሐሙስ ድረስ ሠላሳ ስምንት ቀን ሙሉ ኪሴ ውስጥ ነበረች። አንድ ቀን ከፍቼ ባያት፣ አለቃዬ እንዳለችው፣ ልኬቱ ልክ ነው፤ እንግዲያው ጉዳዩ የእኛ አይደለም፤ ይነሱ ሐኪም ቤት እንሂድ እላቸው ነበር። የደበቅሁት የሌለ ስህተት ነው። ትክክለኛው መነጽር ለእኔ መከላከያ ሳይሆን ምስክር ሆነብኝ። ያን ጊዜ ደግሞ ዓይናቸውን አየሁት። ቡና ዓይነት ነው፣ ዳሩ ላይ ፈዘዝ ያለ።

ወደ ቤት ገባሁ። እትዬ ፍራሹ ላይ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁልኝ። ከፊቷ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ጉልበታችን ሊነካካ ደረሰ። መነጽሩን ፍራሹ ላይ አስቀመጥኩ።

«መነጽሩ ልክ ነበር» አልኩ።

«እሺ» አለች፣ የማጽናናት መስሏት። «ሰው የሚለውን አትስማ።»

«አይደለም፣ እትዬ። ልክ መሆኑን አላየሁም ነበር። ሐሙስ ዕለት፣ ‹ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ ማጅራቴን ያመኛል› ብለውኛል። ‹መነጽሩን ሳላደርግ› ብለውኛል። የመነጽር እንዳልሆነ እያወቅሁ ይለመዳል አልኳቸው። ስህተት ሠርቼ ይሆናል ብዬ፣ እንዳይታወቅብኝ።»

ስናገር መሬቱን ነበር የማየው። መጨረሻው ላይ ቀና ብዬ አየኋት።

«ደግመህ ንገረኝ» አለች።

ደግሜ ነገርኳት፤ ዓይኗን እያየሁ። አላለቀሰችም፣ አልሰደበችኝም። መነጽሩን አነሳች፣ ጆሮ ማቀፊያዎቹን አንድ በአንድ አጠፈች፣ ጭኗ ላይ ያዘችው። ከውጭ የጋሼ ጎረቤት ልብስ ሰፊው አካፋ የሚይዝ ሰው ሲጠሩ ተሰማ። ተነሳሁና ሄጄ አካፋውን ተቀበልኩ።